የጠፋው 16 ሳንቲ ሜትር
ጀማሪ የካድ ድራፍተር ለሥራ ሲያመለክት ደብዳቤው ምን ይበል? የፕሮጀክት መግለጫውስ?

እሑድ ከቡና በኋላ ነው የመጣችው። የጎረቤታችን ልጅ ናት። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በድራፍቲንግ ተመርቃ፣ የብቃት ምዘናውንም አልፋ፣ ስድስት ወር ቤት ተቀምጣለች። ላፕቶፗን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ ደብዳቤዋን ብቻ ይዩልኝ፤ ሌላው አልቋል» አለችኝ።

እኔ ጽሑፍ ውስጥ ከመግባቴ በፊት አማካሪ መሐንዲሶች ቢሮ ውስጥ ነው የኖርኩት። በድራፍተርነት ጀመርኩ፤ ኋላ የሌሎችን ሥዕል በቀይ እስክሪብቶ ማረም ሆነ እንጀራዬ። ቢሮው ሰው ሲፈልግ የማመልከቻው ክምር መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስለዚህ የልጅቷን ደብዳቤ ሳላነበው ግማሹን አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

«እኔ ታታሪ፣ ሥራ ወዳድና በቡድን መሥራት የምችል ስሆን፣ አውቶካድ፣ ሬቪት፣ ስኬችአፕና ሉሚዮን በከፍተኛ ደረጃ እችላለሁ። በታላቁ ድርጅታችሁ ተቀጥሬ ለመሥራት ያለኝን ከፍተኛ ፍላጎት በትህትና እገልጻለሁ» ይላል።

«ታላቁ ድርጅት ማነው?» አልኳት።

«ለሁሉም ስለምልከው ነው ስም ያላስገባሁት።»

ለስንት ቦታ እንደላከችው ጠየቅኳት። አሥራ አንድ። ስንቱ መለሰ? ዝም አለች። ደብዳቤውን ትቼ ፖርትፎሊዮውን እንድትከፍትልኝ ነገርኳት።

38 ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ መዋኛ ገንዳ ያለው ቪላ ጀንበር ስትጠልቅ ይታያል፤ ገንዳው ዳር መኪና ቆሟል። ማን እንደሠራው ስጠይቃት ሞዴሉን ከኢንተርኔት አውርዳ ቀለሙንና ዛፎቹን እንደቀየረች ነገረችኝ። ከዚያ የጂ+4 ሕንፃ ሙሉ ሥዕል ይመጣል፤ የትብብር ሥልጠና የወጣችበት ቢሮ ስም፣ የባለንብረቱ ስምና የቦታው ቁጥር ሳይቀር ታይትል ብሎኩ ላይ እንዳለ ተቀምጧል። ከሃያ ምናምኑ ሺት የእሷ እጅ ያረፈው የበርና የመስኮት ሠንጠረዡ ላይና ሁለት የመጸዳጃ ቤት ዲቴይል ላይ ነው። «እሱ ትንሽ ሥራ ስለሆነ ሁሉንም አስገባሁት» አለች።

መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ልትሰርዘው የረሳችው የሚመስል፣ ያለ ፍሬም የቆመ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ፕላን አለ። የአክስቷ ቤት ነው። አክስቷ የመንገድ ዳሩን ክፍል ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለሱቅ ልታከራይ አስባ፣ ግንበኛው «ፕላን አምጪ» ስላላት፣ ልጅቷ ሜትር ይዛ ሄዳ ለክታ ሣለችው።

ቪላው፣ ጂ+4ቱ፣ ሌላውም ሁሉ ይውጣና ይቺ ትቅር አልኳት። የቀለድኩ መሰላት።

---

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሮ ጀማሪ ድራፍተር ሲቀጥር ዲዛይነር እየፈለገ አይደለም። አርክቴክቱ ወይም መሐንዲሱ ያሰበውን ነገር ፎርማን ሳይት ላይ ይዞት ወደሚቆም ወረቀት የሚቀይርለት ሰው ነው የሚፈልገው። አርክቴክቱ ይነድፋል፤ ድራፍተሩ ሺት ያደርገዋል፤ አራሚው በቀይ ያበላሸዋል፤ ድራፍተሩ እያንዳንዷን ቀይ መስመር አስገብቶ ይመልሳል። አራሚው ደግሞ የድሮውን ቀይ ወረቀት ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ የቀረ ካለ ይፈልጋል። የጀማሪ ቀን የሚያልፈው በዚህ ምልልስ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የቀጣሪው ፍርሃት ልጁ ቪላ ማሳመር ይችል ይሆን ወይ የሚለው አይደለም። ትክክል የሚመስል ግን ስህተት የሆነ ሺት ነው የሚፈራው። ያላማረ ሥዕል ራሱን ያሳጣል፤ አራሚው ገና ሲያየው ይመልሰዋል። አምሮ የተሳሳተው ግን ቢሮውን አልፎ፣ ታትሞ፣ ሳይት ደርሶ አርማታ ይሆናል። ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ሳያውቀውም ቢሆን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የዚህን ልጅ ሥዕል ሳልፈራ ማሳለፍ እችላለሁ?

ለዚህ ጥያቄ «ታታሪ ነኝ» መልስ አይሆንም። የወረደ ቪላም አይሆንም፤ እንዲያውም የሰው ሥራ የራሱ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው መሆኑን ይናገርበታል። የአክስት ቤት ግን መልስ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ሜትር እስከ መጨረሻው መስመር የልጅቷ እጅ ነው ያለበት።

ሊሆን ይችላል ያልኩት ፋይሉን ገና ስላልከፈትኩት ነበር።

---

ዋናውን የአውቶካድ ፋይል ከፈተችልኝ። ሦስቱ ክፍሎች በተርታ ናቸው። የውስጥ ወርዳቸው ከግራ 3.60፣ 3.00 እና 2.40 ሜትር ነው። ከላይ ጠቅላላውን የሚያሳይ ረጅም ልኬት አለ፤ 9.96 ሜትር ይላል።

የአራሚ ጣት ልማድ አለው፤ መጀመሪያ የሚደምረው ጠቅላላውን ነው። ሦስቱ ክፍሎች ሲደመሩ 9 ሜትር ይሆናሉ። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር አራት ነው፤ ሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ 20 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ተሥሏል። አራት ጊዜ 20፣ 80። ድምሩ 9.80 ነው፤ ጽሑፉ ግን 9.96 ይላል።

ልኬቱን ነካሁትና የ`Properties` ሰሌዳውን ከፈትኩ። ዝቅ ሲሉ ሁለት መስመሮች ተከታትለው ይገኛሉ፦

```
Measurement     9.80
Text override   9.96
```

ልጅቷ ደነገጠች። «ከውጭ ስለካው 9.96 ነበር፤ ስሥለው 9.80 መጣብኝ፤ ትክክለኛውን ልጻፍ ብዬ ነው።»

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ይህን ላብራራ። አውቶካድ ውስጥ ልኬት የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ መስመሩን ራሱ ለክቶ ቁጥሩን የሚያወጣው ፕሮግራሙ ነው። ሰው ከፈለገ ግን ያን ቁጥር ሸፍኖ የራሱን መጻፍ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ሆኖም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሁለት ቤት አለ፦ አንዱ ቁጥሩ የሚለው፣ ሌላው መስመሩ የሚለው። ግንበኛው ቁጥሩን አንብቦ ይሠራል። ነገ ፋይሉን የሚረከበው ሌላ ድራፍተር ወይም የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ደግሞ በመስመሩ ላይ ተንተርሶ ይሥላል። ሁለቱ ሳይት ላይ ሲገናኙ 16 ሳንቲ ሜትር የገባበት ይጠፋል። በእኛ ቢሮ ለዚህ ጥፋት ይቅርታ አልነበረም፤ ዘግይቶ መግባት እንኳን ይቅር ይባል ነበር።

«ታዲያ 16ቱ የት ሄደ?» አልኳት።

አሰበች። ብሎኬቱ ባለ 20 እንደሆነ እርግጠኛ ናት፤ ስትጠይቅ ነግረዋታል። ክፍሎቹንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለክታለች። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ዝም አልኳት። ከዚያ ግድግዳችንን ዞር ብላ አየችና፣ «ልስኑ!» አለች።

ልስኑ ነበር። ከብሎኬቱ በዚህም በዚያም 2 ሳንቲ ሜትር ልስን አለ፤ ያለቀው ግድግዳ 20 ሳይሆን 24 ነው። በአንድ ግድግዳ 4፣ በአራት ግድግዳ 16። እሷ የውስጡን የለካችው ከልስን እስከ ልስን፣ የውጭውንም ከልስን እስከ ልስን ነው፤ ግድግዳውን ግን ያለ ልስኑ ሣለችው። አዲስ ቤት ሲነደፍ ብሎኬቱን ብቻ መሣል የተለመደ ነው፤ ግንበኛው የሚደረድረው እሱን ስለሆነ። የቆመ ቤት ሲለካ ግን ሜትሩ የሚነካው ልስኑን ነው። በማግስቱ አክስቷ ዘንድ ሄዳ በየበሩ ቦታ የግድግዳውን ውፍረት ለካችው። 24።

ግድግዳዎቹን በ24 እንደገና ሣለችና የሸፈነችውን ቁጥር አጠፋችው። ያ ሳጥን ባዶ ሲሆን አውቶካድ የራሱን ልኬት ይመልሳል። 9.96 አለ። እሷ ስትጽፈው የነበረው ቁጥር ነው፤ አሁን ግን የሚለው መስመሩ ራሱ ነው።

---

የፕሮጀክት መግለጫ ማለት ከሺቶቹ ፊት ወይም ጎን የሚቀመጥ አጭር ጽሑፍ ነው። የልጅቷ መግለጫ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ዘመናዊና ምቹ የመኖሪያና የንግድ ቤት ዲዛይን።» በውስጡ ሁለት ጥፋት አለ። ቤቱ ዘመናዊ አይደለም፤ ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ «ዲዛይን» የምትለዋ ቃል ናት። እሷ ያለውን ቤት ለክታ ሣለችው፤ አክስቷ የፈለገችውን አንድ ግድግዳና አንድ በር ጨመረችበት። ዲዛይን አደረግሁ የሚል ጀማሪ ቀጥሎ የሚመጣበት ጥያቄ «የአዲሱን በር የላይ አርማታ ማን አሰላው?» ነው። መልስ የላትም፤ ሊኖራትም አይገባም፤ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

ለማንኛውም ጀማሪ የምመክረው መግለጫውን ሲጽፍ እንዲህ ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ነው፦ ስጀምር እጄ ላይ ምን ነበር? ምን አደረግሁበት? ሥዕሉ ማን እጅ ገብቶ ምን ሊሠራበት ነው? የት ላይ ተሳሳትኩ፣ በምን አወቅኩ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሁሉም ይሸሻል። እኔ ግን ማመልከቻ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነበር፤ ስህተቱን ራሱ ያገኘ ሰው በሚቀጥለው ጊዜም የሚያገኝበት ዘዴ አለው ማለት ነው።

ሦስት ጊዜ ጻፈችው። የመጀመሪያው ገጽ ሞላ፤ ስለ አክስቷ ሕይወት ሁሉ ያወራል። ሁለተኛው የፕሮግራም ትእዛዞች ዝርዝር ሆነ። ሦስተኛው ይህ ነው፦

«ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት፤ የነባር ቤት ልኬትና የሱቅ ክፍፍል። የቤቱ ባለቤት የመንገድ ዳሩን ክፍል ከፍለው ለሱቅ ለማከራየት ስለፈለጉ ለግንበኛ የሚሰጥ ፕላን ያስፈልግ ነበር። ቀድሞ የተሠራ ሥዕል አልነበረም። ቤቱን ከውስጥና ከውጭ በሜትር ለክቼ፣ ነባሩን ፕላን፣ የሚሻሻለውን ፕላን፣ አንድ ሴክሽንና የመንገዱን ፊት ሣልሁ። በመጀመሪያው ሥዕሌ የውስጥ ልኬቶችና የግድግዳዎቹ ድምር ከውጭው 9.96 ሜትር በ16 ሳንቲ ሜትር አነሰ። ምክንያቱ ግድግዳውን ያለ ልስኑ 20 ሳንቲ ሜትር አድርጌ መሣሌ ነበር፤ በየበሩ ቦታ ለክቼ 24 መሆኑን አረጋግጬ አስተካከልኩ። አዲሱ አካፋይ ግድግዳ ባለ 10 ብሎኬት ሲሆን ከልስኑ ጋር 14 ሳንቲ ሜትር ነው። 4.20 ሜትር ከሆነው የክፍሉ ርዝመት ሱቁ 2.50፣ ከኋላው የሚቀረው ቦታ 1.56 ሜትር ይሆናል። ወደ መንገድ በሚከፈተው አዲስ በር ላይ የሚያርፈው አርማታ በሥዕሉ ላይ ‹በመሐንዲስ የሚወሰን› ተብሎ ተመልክቷል።»

2.50 እና 0.14 እና 1.56 ደምሩት፤ 4.20 ይመጣል። አንባቢው ይደምረዋል፤ አትጠራጠሩ። ሥዕል የሚያርም ሰው ቁጥር አይቶ ሳይደምር ማለፍ አይሆንለትም። መግለጫ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ሁሉ ሺቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ እዚህ 1.56፣ እዚያ 1.60 ከተገኘ ደብዳቤው ባይነበብም ግድ የለም።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልታወጣት ፈልጋ ነበር፤ «አለማወቄን ታሳያለች» ብላ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የወደድኳት እሷን ነው። የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ድራፍተር መሐንዲሱን ያሳርፋል።

---

ሺቶቹን ለማሳተም አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለ ማተሚያ ቤት አብረን ወረድን። ብዙ ቢሮ ፒዲኤፍ ይበቃዋል፤ እኔ ግን ወረቀት ላይ ያልታየ ሥዕል አላምንም። ኮሌጅ በለመደችው መሠረት ሺቱን በኤ1 ወረቀት ልክ አዘጋጅታ፣ ስኬሉን 1፡50 ብላ ጽፋ ነበር። የኤ1 ኅትመት ስለሚወደድ በኤ3 አወጣችው። ልጁ ከማሽኑ ሲያቀብለን ያምር ነበር።

ማስመሪያ ከባንኮኒው ላይ ተውሼ በወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ። 9.96 ሜትር በ1፡50 ወደ 20 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ።

ኤ1 ወረቀት 841 በ594 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤ3 ደግሞ 420 በ297፤ በቁመትም በወርድም ግማሽ። ስለዚህ በኤ1 1፡50 የነበረው በኤ3 1፡100 ሆኗል፤ ታይትል ብሎኩ ግን አሁንም 1፡50 ይላል። በ2.5 ሚሊ ሜትር የጻፈችው ፊደል 1.25 ሆኖ ጉንዳን መስሏል። ግንበኛው ስኬል አስቀምጦ ቢለካ ክፍሉ በግማሽ ያንሳል። ኮምፒውተር ላይ ይህ ፈጽሞ አይታይም፤ ሰው አጉልቶ ስለሚያይ ሁሉም ደህና ይመስላል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ቤቱ ትንሽ ነው፤ በ1፡50 ኤ3 ላይ ራሱ ይበቃል። ሌይአውቱን ከመነሻው በኤ3 ልክ አስተካክላ፣ ቪውፖርቱን በ1፡50 ቆልፋ፣ ፊደሉን 2.5 አድርጋ እንደገና አወጣችው። ማስመሪያው 19.9 አለ።

በዚያው ሰሞን ፋይሉን አጸዳች። መስመሩ ሁሉ `0` በሚባለው ሌየር ላይ ተከምሮ ነበር፤ ግድግዳው፣ በሩ፣ ጽሑፉ፣ ወንበሩ ሳይቀር። በእንዲህ ዓይነት ፋይል በሩን ብቻ ልደብቅ ወይም የግድግዳውን መስመር ላወፍር ቢሉ በቀላሉ አይቻልም። በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ለየችው፤ ፊተኛዋ ፊደል የሙያውን ዘርፍ ታመለክታለች፣ `A` የአርክቴክቸር ናት፦

```
A-WALL
A-DOOR
A-GLAZ
A-ANNO-DIMS
```

ቢሮ ሁሉ የራሱ አሰያየም አለው፤ ይህን ማወቁ የግድ አይደለም። ቀጣሪው ሊያይ የሚፈልገው የሆነ ሥርዓት መኖሩን ነው። በመጨረሻ `PURGE` ሰጥታ የማያገለግለውን ጥርቅም አስወገደች። የወረዱ ዛፎችና መኪናዎች ለካ በፋይሉ ውስጥ ተደብቀው ኖረዋል።

---

አሁን ወደ ደብዳቤው። መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው፤ መጻፍም ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ስለምን እንደሚያወራ የሚታወቀው ሺቶቹና መግለጫው ካለቁ በኋላ ነውና።

ከጂ+4ቱ የእሷ እጅ ያረፈበትን ብቻ ልንመልሰው ብንፈልግም፣ የትብብር ሥልጠናው ሥራ መጀመሪያ መፍትሔ ፈለገ። የሰው ሕንፃ ነው፤ ሥዕሉ የቢሮው፣ ቤቱ የባለንብረቱ። ለቀድሞ ኃላፊዋ ደውላ ጠየቀች። «የሠራሽውን ሠንጠረዥ ብቻ፣ ስምና ቦታ አጥፍተሽ» ብለው ፈቀዱላት። ብዙ ጀማሪ ይህን ሳይጠይቅ ይልካል። የተቀባዩን ሐሳብ አስቡት፦ ይህ ልጅ ነገ የእኛንም ደንበኛ ሥዕል ይዞ ይዞራል ማለት ነው።

ስትደውል ሌላም ነገር ትዝ አላት። ሠንጠረዡን ስታዘጋጅ በየወለሉ ፕላን ላይ ያሉትን በሮች በጣቷ ቆጥራ፣ ሠንጠረዡ ላይ ሁለት በሮች እንደጎደሉ አግኝታ ለኃላፊዋ አሳውቃ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ግን በአንድም ማመልከቻ ላይ አልጻፈችውም፤ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ሁለት በር ያልታዘዘበት ሕንፃ ሲጠናቀቅ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ግን ይቆጥረዋል።

ደብዳቤው እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

«ጉዳዩ፦ ለጀማሪ ድራፍተር የሥራ መደብ ማመልከትን ይመለከታል።

ባወጣችሁት ማስታወቂያ የወርኪንግ ድሮዊንግ ሺቶችን የሚያዘጋጅና የመሐንዲሶችን እርማት የሚያስገባ ጀማሪ ድራፍተር እንደምትፈልጉ አይቻለሁ። አራት ሺት አያይዤያለሁ። ሦስቱ ራሴ ለክቼ የሣልሁት ቤት ናቸው። አራተኛው በትብብር ሥልጠና ጊዜ ለአንድ ጂ+4 ሕንፃ ያዘጋጀሁት የበርና የመስኮት ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ያያያዝኩት በቢሮው ፈቃድ ነው። ይህን ሠንጠረዥ ከየወለሉ ፕላን ጋር ቆጥሬ ሳመሳክር ሁለት በሮች መጉደላቸውን አግኝቼ ለኃላፊዬ አሳውቄያለሁ፤ ተስተካክሏል።

የምሠራበት ፕሮግራም አውቶካድ ነው። ሬቪትን በኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ በሥራ ላይ ግን አልተጠቀምኩበትም። የስትራክቸር ሥዕል አነባለሁ፤ የፌሮ ዝርዝር ብቻዬን አዘጋጅቼ አላውቅም።

የሺቶቹን ዋና ፋይል በጠየቃችሁ ጊዜ እልካለሁ። ለፈተና በማንኛውም የሥራ ቀን መምጣት እችላለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ስኬችአፕና ሉሚዮን ወጡ፤ ማስታወቂያው አልጠየቃቸውም። «በከፍተኛ ደረጃ» የሚለውም ወጣ፤ ደረጃውን ፋይሉ ይናገራል። «ዋና ፋይሉን እልካለሁ» የምትለውን አጭር መስመር ያስገባኋት እኔ ነኝ። ፒዲኤፍ የሸፈኑትን ቁጥር ይደብቃል፤ ዋናው ፋይል አይደብቅም። ፋይሌን ክፈቱት የሚል ጀማሪ በዚያ ክምር ውስጥ ብዙ አላጋጠመኝም።

«አላውቅም» የሚሉት ሁለት ቦታዎች ላይ ተከራክረናል። እናቷም ከጓዳ ሆነው፣ «ሰው ሥራ ሲለምን አላውቅም ይላል እንዴ?» አሉ። ክርክሩን ያሸነፍኩ አይመስለኝም፤ ልጅቷ ግን ተወችው። የፌሮ ዝርዝር እችላለሁ ብሎ የገባ ሰው በሁለተኛው ሳምንት አንድ የሶሌታ ሥዕል ሲሰጡት የሚሆነውን ስላየሁ ነው እኔ የጸናሁት። ስድቡ ለልጁ ብቻ አይደለም፤ የቀጠረውም ሰው ይሰደባል።

ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣ ደብዳቤውም በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ቢሮዎቻችን ሺት ላይ የሚጽፉትም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የሚለወጠው ቋንቋው እንጂ የሚባለው ነገር አይደለም። ስሙን ግን በየደብዳቤው ትቀይራለች፤ «ታላቁ ድርጅት» ቀርቷል። ማስታወቂያው ስለ ሳኒተሪ ሥዕል የሚያነሳ ከሆነ ደግሞ ከሠንጠረዡ ይልቅ የመጸዳጃ ቤቱን ዲቴይል ታያይዛለች፤ ለእሱም ፈቃድ ተቀብላለች።

38 ገጽ የነበረው 4 ሺትና አንድ ገጽ መግለጫ ሆነ። ለሦስት ቢሮ ላከችው። ሁለቱ እስካሁን አልመለሱም። ሦስተኛው ዋናውን ፋይል ጠይቆ፣ በማግስቱ ለፈተና ጠራት፤ ሐሙስ ጠዋት በ3 ሰዓት። የራሷን ማውዝ ይዛ እንድትመጣ ነግረዋታል።